ዕድሜ ነው ወይስ ትውልድ? የክሮስ ሴክሽናልና የሎንጊቱዲናል ጥናት ነገር

ጥያቄ፦ «የማስተርስ ጥናቴ የማሰብ ችሎታ ከ20 እስከ 70 ዓመት ባለው ዕድሜ እንዴት እንደሚቀየር ነው። አማካሪዬ ክሮስ ሴክሽናል ይበቃሃል ይሉኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ለውጥ የሚታየው በሎንጊቱዲናል ብቻ ነው፣ ሌላው ዋጋ የለውም ብሎ ይሟገተኛል። ያለኝ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ማንን ልስማ? የሁለቱ ጥንካሬና ድክመትስ ምንድን ነው?»

ምላሽ፦

አማካሪህን ስማ፣ ግን «ይበቃሃል» ያሉህ ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ መልሰህ ጠይቃቸው። ጓደኛህም የያዘው ነገር አለ። ችግሩ ሎንጊቱዲናልን እንከን የሌለው አድርጎ ማሰቡ ነው። እሱም የራሱ በሽታ አለበት፣ ያውም ከላይ ሲያዩት የማይታይ። በዚህ መስክ ሁለቱ ዘዴዎች ተቃራኒ መልስ ሰጥተው ሰውን ለብዙ ዓመታት ያጨቃጨቁት ልክ አንተ በመረጥከው ርዕስ ላይ ስለሆነ፣ ነገሩን በእሱ በኩል ብናየው ይሻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትርጉሙን ታውቀዋለህ ብዬ አልፈዋለሁ፤ በክሮስ ሴክሽናል የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች በአንድ ወቅት ትፈትናለህ፣ በሎንጊቱዲናል ያንኑ ሰው ደጋግመህ ትፈትናለህ። የመጀመሪያው የሚለካው በዕድሜ ክልሎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሁለተኛው ለውጥን። ልዩነትና ለውጥ አንድ የሚመስሉበት ጊዜ አለ፣ የማይመስሉበትም አለ። ጣጣው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው፣ አሠራሩን ለማሳየት ብቻ ነው። የማሰብ ችሎታ ከ20 እስከ 60 ዓመት ምንም አይቀየርም እንበል። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ነገር ግን ከኋላ የተወለደው ትውልድ ረዘም ላለ ጊዜ ስለተማረና በልጅነቱ የተሻለ ጤና ስላገኘ ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣል። በ1960 የተወለዱት 40፣ በ1980 የተወለዱት 45፣ በ2000 የተወለዱት 50 ያመጣሉ። አንተ በ2020 መጥተህ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ፈተንካቸው። የ20 ዓመቶቹ 50 አመጡ፣ የ40 ዓመቶቹ 45፣ የ60 ዓመቶቹ 40። ግራፉን ስትሠራው ቁልቁል የሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣልሃል። «የማሰብ ችሎታ በየ20 ዓመቱ 5 ነጥብ ይቀንሳል» ብለህ ትጽፋለህ። እውነታው ግን አንድም ሰው አንድም ነጥብ አላጣም። የ60 ዓመቱ ሰው በ1980፣ ገና 20 ዓመቱ ሳለ ብታገኘው ኖሮ ያኔም 40 ነበር የሚያመጣው።

ይህ የትውልድ ልዩነት ነው፣ በመስኩ ኮሆርት የሚሉት። ዕድሜ የሠራው መስሎህ ያየኸውን የልደት ዘመን ሠርቶት ሊሆን ይችላል። በጣም የሚያናድደው ደግሞ ስንት ሺህ ሰው ብትፈትን ስህተቱ የማይጠፋ መሆኑ ነው። ናሙናህ በተለቀ ቁጥር የተሳሳተውን መስመር ይበልጥ በልበ ሙሉነት ታሰምረዋለህ።

አሁን ወደ እውነተኛው ታሪክ እንግባ። በ1939 የዌክስለር የአዋቂዎች ፈተና ሲወጣ የዕድሜ ደረጃዎቹ የተሠሩት ያው በአንድ ጊዜ ከተፈተኑ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ነበር። ከሱ የተወሰደው ግንዛቤ ችሎታ በ20ዎቹ ዕድሜ ጫፍ ይደርስና ከዚያ ወዲህ ቁልቁል ነው የሚል ነበር። ብዙ ሰውም ተቀበለው። ኋላ ላይ ግን ዊልያም ኦወንስ የሚባል ተመራማሪ አንድ የቆየ መዝገብ እጁ ገባ። በ1919 የአዮዋ ስቴት ኮሌጅ ጀማሪ ተማሪዎች አርሚ አልፋ የተባለውን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ወታደሮች የተዘጋጀውን ፈተና ወስደው ነበር። ኦወንስ ከነሱ መካከል 127 ወንዶችን ከ30 ዓመት በኋላ ፈልጎ ያንኑ ፈተና እንደገና ሰጣቸው። ሰዎቹ ወደ 50 ዓመት ገደማ ደርሰዋል። በተለመደው ኩርባ መሠረት ወርደው መገኘት ነበረባቸው። አጠቃላይ ነጥባቸው ግን ከፍ ብሎ ተገኘ።

ያንተ ጓደኛ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ አልኩህ አይደል!» ይል ይሆናል። ቆይ ግን። እነዚህ ሰዎች ኮሌጅ የገቡ ናቸው፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ኮሌጅ የሚገባው ጥቂቱ ነበር። ሁሉም ወንዶች ናቸው። በሁለተኛው ዙር የተገኙትና ለመፈተን ፈቃደኛ የሆኑትም የመጀመሪያዎቹ ሁሉ አይደሉም። ያደገው ሰው ነው ወይስ የተመለሰው ሰው የተለየ ነው? ከዚህ ጥናት ብቻ ይህን መለየት አይቻልም።

ይህን እንቆቅልሽ ከሥሩ ሊፈታ የተነሳው ዋርነር ሻይ ነው። በ1956 ለዶክትሬቱ ሲሠራ በሲያትል ከተማ የአንድ የጤና አገልግሎት ማኅበር አባላት ከሆኑ ሰዎች መካከል 500 መረጠ። አመራረጡ ራሱ ትምህርት ይሰጣል፤ ከ20 እስከ 70 ዓመት ያለውን በአምስት አምስት ዓመት ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 25 ወንድና 25 ሴት ወሰደ። የፈተናቸውም በአንድ ድምር ነጥብ ሳይሆን በአምስት የተለያዩ ችሎታዎች ነው፤ የቃላት ትርጉም፣ ቅርጽን በአእምሮ ማዞር፣ ሥርዓትን አይቶ ቀጣዩን መገመት፣ ስሌትና ቃላትን ቶሎ ቶሎ መጥራት። እስከዚህ ድረስ ተራ ክሮስ ሴክሽናል ነው። ውጤቱም እንደተለመደው ቁልቁል ወረደ።

ልዩ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1963 እነዚያኑ ሰዎች መልሶ ጠራ፣ 303ቱ መጡ። ጎን ለጎን ከዚያው ማኅበር ፈተናውን አይተው የማያውቁ አዲስ ሰዎች ጨመረ። በየሰባት ዓመቱም እንዲሁ ቀጠለ፤ የቆዩትን መልሶ መፈተን፣ አዲስ ናሙና መጨመር፣ ቀጥሎ አዲሶቹንም መከተል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ክሮስ ሴክሽናል አለው፣ በዙሮቹ መካከል ሎንጊቱዲናል አለው፣ ከዚህም ሌላ የተለያየ ዘመን ላይ የተወለዱ ሰዎችን እኩል ዕድሜ ላይ ሲደርሱ ማነጻጸር ይችላል። ለምሳሌ በ1956 ዕድሜው 40 የነበረውን ሰው በ1970 ዕድሜው 40 ከሆነው ጋር ጎን ለጎን ታስቀምጣለህ። ዕድሜያቸው እኩል ከሆነና ነጥባቸው ከተለያየ ጥፋቱ የእርጅና ሊሆን አይችልም።

ምን ተገኘ? በየዙሩ የሚሠራው ክሮስ ሴክሽናል ውድቀቱን ቀደም ብሎ ያሳያል። ሰዎቹን የተከተለው ግን በአማካይ የሚታይና በድጋሚም የሚረጋገጥ መቀነስ ከ60 ዓመት በፊት አላገኘም። በ74 ዓመት አካባቢ ግን በሁሉም ችሎታዎች ላይ ቅነሳው ይታያል። ያም ሆኖ ሁሉም ችሎታ አንድ ዓይነት መንገድ አይሄድም፤ ፍጥነት የሚጠይቁት ቀድመው ይነካሉ፣ የቃላት እውቀት ረጅም ጊዜ ይቆያል።

እዚህ ላይ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው «ክሮስ ሴክሽናል እርጅናን ያጋንናል» የሚለውን እንደ ሕግ ሸምድዶ ይሄዳል። ሕግ አይደለም። ሻይ የትውልዶቹን ልዩነት ችሎታ በችሎታ ሲያየው፣ ሥርዓትን አይቶ በመገመት በኩል ከኋላ የተወለዱት በተከታታይ እየበለጡ መጥተዋል። በስሌት በኩል ግን ከፍተኛው ላይ የደረሱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት የተወለዱት ናቸው፣ ከነሱ በኋላ የመጡት ዝቅ እያሉ ሄደዋል። ይህ ምን ማለት ነው? በስሌት ረገድ አንድ አረጋዊ ከወጣት ጋር ሲነጻጸር ድሮ በደንብ የተማረው ስሌት ይደግፈዋል፣ የደረሰበትም ቅነሳ ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ክሮስ ሴክሽናል ወዴት እንደሚያሳስትህ በደፈናው መናገር አይቻልም። የምትለካውን ነገር በተመለከተ ትውልዶቹ ወደ ላይ እየሄዱ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለውን ማወቅ አለብህ።

አሁን ጓደኛህ ወደማይወደው ክፍል ልምጣ።

የሎንጊቱዲናል ትልቁ ጠላት ሰው መቅረቱ ነው። ይሞታል፣ ይታመማል፣ አድራሻ ይቀይራል፣ ይሰለቻል። የሚቀረው በዕጣ ቢሆን ኖሮ ናሙናው ከማነሱ በቀር ጉዳት አልነበረውም። ግን በዕጣ አይደለም። በሲያትሉም ጥናት ሆነ በሌሎች፣ ያልተመለሱት ገና ከመጀመሪያው በአማካይ ዝቅ ያለ ነጥብ የነበራቸው ናቸው።

ይህንንም በፈጠራ ቁጥር እንየው። መቶ ሰው ፈተንክ፣ አማካዩ 50 ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ 60 ሰው ተመለሰ፣ አማካዩ 53። በችኮላ ያየው ሰው «3 ነጥብ አድገዋል» ይላል። አንተ ግን ወደ መጀመሪያው ዳታ ተመለስና የተመለሱት 60ዎቹ ያኔ ስንት ነበሩ በል። 54 ነበሩ እንበል፣ የቀሩት 40ዎቹ ደግሞ 44 (ብትደምረው አማካዩ 50 ይመጣል)። ስለዚህ የተመለሱት ከ54 ወደ 53 ወርደዋል። እድገት የተባለው በአንድ ጊዜ ቅነሳ ሆነ። ገና አላለቀም። እነዚህ ሰዎች ፈተናውን ከዚህ በፊት አይተውታል። አንድ ጊዜ የሠራኸውን ዓይነት ጥያቄ ሁለተኛ ስታገኘው ትንሽ ይቀልሃል፣ ድንጋጤውም የለም። ለዚህ ማስተካከያ እንዲሆንህ ከተመለሱት ጋር በልደት ዘመን፣ በትምህርትና በጤና የሚመሳሰሉ፣ ፈተናውን ግን አይተው የማያውቁ ሰዎች ፈለግህ። እነሱ 51 አመጡ። በ53 እና በ51 መካከል ያለው 2 ነጥብ የመልመድ ነው ብለህ ብታስብ፣ እውነተኛው ለውጥ ከ54 ወደ 51 ነው፤ 3 ነጥብ ወርዷል።

ልብ በል፣ ያው አንድ ጥናት ነው። መጀመሪያ 3 ጨመረ አልን፣ ቀጥሎ 1 ቀነሰ፣ በመጨረሻ 3 ቀነሰ። የጠፉት 40ዎቹ ደግሞ ምን እንደሆኑ አሁንም አናውቅም። ምናልባት ከሁሉ የባሰ የወረዱት እነሱ ናቸው። አንዳንዱ ሰው የቀረው መቀነስ ስለጀመረ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ የሁለቱን ዘዴዎች ስህተት አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጠው አቅጣጫው ያስገርማል። ትውልዶች እየተሻሻሉ በመጡበት ችሎታ ላይ ክሮስ ሴክሽናል ከእውነቱ የባሰ ውድቀት ያሳያል። ሎንጊቱዲናል በመቅረትና በመልመድ ምክንያት ከእውነቱ የተሻለ ያስመስላል። እውነቱ ብዙ ጊዜ በመሃል ነው። ቲሞቲ ሳልትሃውስ የተባለው ተመራማሪ በ2009 አጥብቆ የተከራከረው በዚህ በሎንጊቱዲናል ስህተት ላይ ነው። መልመድን የሚያስቡት አሳንሰው ነው፣ ቅነሳው የሚጀምረው በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ነው አለ። ሁሉም አልተቀበለውም፣ ነገር ግን ከሱ በኋላ መልመድን ዘሎ የሚያልፍ ጥናት ማሳተም ከበድ ብሏል። ተገቢም ነው።

ለኔ በጣም የሚያሳምነኝ ሥራ በስዊድን ኡሜኦ ከተማ በ1988 የተጀመረው ቤቱላ የተባለው ጥናት ነው። በውስጡ የሠሩ ተመራማሪዎች በ2005 ባወጡት ጽሑፍ ከ35 እስከ 80 ዓመት ያሉ ሰዎችን የማስታወስ ችሎታ በሁለቱም መንገድ አዩት። በክሮስ ሴክሽናሉ፣ የደረሰብንን ነገር የማስታወስ ችሎታ ከ35 ዓመት ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። በሎንጊቱዲናሉ ግን፣ መልመዱ ከተቀነሰለት በኋላ እንኳ፣ ከ60 በፊት ቅነሳ የለም። ቀጥለው ክሮስ ሴክሽናሉን በትምህርት ዓመታት ልዩነት አስተካከሉት፤ የተስተካከለው መስመርም ወደ ሎንጊቱዲናሉ ቀረበ። ሁለቱ ዘዴዎች የተጣሉት በአብዛኛው ትውልዶቹ የተማሩት እኩል ስላልነበረ ነው ማለት ነው። ሁለቱንም ዳታ ይዘህ አንዱን በሌላው መፈተሽ ስትችል እንዲህ ያለ መልስ ይገኛል።

አንድ ሌላ ወጥመድ ልጨምርልህ፣ በአጭሩ። አንድ ትውልድ ብቻ የምትከተል ከሆነ ዕድሜና ዘመን ይደበላለቁብሃል። በ1970 የተወለዱትን በ2000 እና በ2020 ብትፈትን ሰዎቹ 20 ዓመት ጨምረዋል፣ ዓለሙም 20 ዓመት ተቀይሯል። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፈተና ከሆነ በ2020 ሰው ሁሉ ከስክሪን ጋር ተላምዷል። ያ ከዕድሜ የመጣ ነው ልትል ነው? ሒሳቡ ደግሞ ፈጽሞ አይፈታም፤ የተፈተነበት ዓመት ሲቀነስ የተወለደበት ዓመት ዕድሜ ነው። ሁለቱን ካወቅህ ሦስተኛው ራሱ ይመጣል፣ ስለዚህ የሦስቱን ተጽዕኖ በስታቲስቲክስ ብቻ ሙሉ በሙሉ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ሻይም በ1965 ባወጣው ሞዴሉ ይህን ለመፍታት ሞክሯል፣ ግን የትኛውም ስሌት አንዱን «ይህ ተጽዕኖ የለውም» ብሎ ከውጭ ካልገመተ አይሠራም። አንድ ሶፍትዌር ሦስቱንም ለይቼ ሰጠሁህ ካለህ የገመተልህ ነገር አለ ማለት ነው፣ ፈልገህ አግኘው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ እያለው ሎንጊቱዲናል ለምን ይደከምለታል? አማካይ የሚደብቀውን ስለሚያሳይ ነው። የአንድ ቡድን አማካይ በአሥር ዓመት ምንም ካልተቀየረ ሁሉም ባለበት ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ወርዶም ሊሆን ይችላል። ክሮስ ሴክሽናል እነዚህን ሁለቱን መለየት አይችልም፣ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ሰው ያለው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ማን ወረደ፣ ከመውረዱ በፊት ምን ገጠመው፣ የቱ ቀደመ የሚሉ ጥያቄዎች ሁሉ የግድ ያንኑ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ማግኘት ይፈልጋሉ።

በዚህ በኩል ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በሰኔ ወር 1932 በ1921 የተወለዱ፣ በዚያን ቀን ትምህርት ቤት የተገኙ ከ87 ሺህ በላይ ልጆች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት የአእምሮ ፈተና ወሰዱ። ወረቀቱ ተቀመጠ፣ ተረሳም። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ኢያን ዲሪና ባልደረቦቹ መዝገቡን አወጡትና በሕይወት ካሉት መካከል ከ500 በላይ የሚሆኑትን ወደ 80 ዓመት ሲጠጉ ያንኑ ፈተና ሰጧቸው። የ11 ዓመቱና የ80 ዓመቱ ነጥብ ቁርኝት 0.66 አካባቢ ሆነ። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። በልጅነቱ የላቀው በአብዛኛው በእርጅናውም ልቋል፣ ግን ቦታቸውን የቀየሩ ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። በክሮስ ሴክሽናል የ11 ዓመት ልጆችንና የ80 ዓመት ሰዎችን ፈትነህ ይህን ቁጥር በምንም ተአምር አታገኘውም። እርግጥ እዚህም ላይ የተፈተኑት 80 ዓመት የደረሱት ናቸው፤ ያልደረሱት ቀርተዋል።

እሺ፣ ወዳንተ ልመለስ።

በሁለት ዓመት ሎንጊቱዲናል መሥራት ለዚህ ጥያቄ አያዋጣህም። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይህ። ፈተናህ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 10፣ አስተማማኝነቱ 0.85 ነው እንበል፣ ደህና ፈተና ነው። የአንድ ሰው ነጥብ ላይ ያለው የመለኪያ ስህተት ወደ 4 ነጥብ ይጠጋል። ሁለት ጊዜ ለክተህ ስትቀናንስ ደግሞ ስህተቱ ይጨምራል፣ ወደ 5.5 ይደርሳል። አንድ የ45 ዓመት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ምናልባት ግማሽ ነጥብ ይቀየር ይሆናል፣ ላይቀየርም ይችላል። ግማሽ ነጥብን 5.5 በሚያወዛውዝ መለኪያ ልትይዘው ነው? የምታገኘው መልመድን ነው። ምናልባትም ሰዎቹ በዕድሜ ብዛት ብልህ ሆኑ ብለህ ትጽፍ ይሆናል።

ስለዚህ ክሮስ ሴክሽናል ሥራ፣ ግን በደንብ ሥራው። ከሁሉ በፊት የጥናትህን ርዕስ ቀይር። «የማሰብ ችሎታ ከዕድሜ ጋር እንዴት ይቀየራል» አትበል፤ «በዕድሜ ክልሎች መካከል ያለው የማሰብ ችሎታ ልዩነት» በል። ፈታኞችህ ቀድመው የሚይዙህ እዚህ ላይ ነው። በድምዳሜው ምዕራፍም «ቀነሰ»፣ «ተዳከመ»፣ «እየወረደ ሄደ» የሚሉ ግሦች ከገቡብህ አውጣቸው። ማንም ሲወርድ አላየህም። «ዝቅ ያለ ነጥብ አላቸው» ማለት ትችላለህ፣ እሱን አይተሃል።

ናሙናህ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ወጣቶቹን ከዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ አረጋውያኑን ከሌላ ቦታ ከሰበሰብህ ያወዳደርከው ዕድሜን ሳይሆን ተማሪንና ተማሪ ያልሆነን ነው። ሻይ ሁሉንም ከአንድ ማኅበር የወሰደው በከንቱ አይደለም። አንድ ቦታ ምረጥ፣ ሁሉንም የዕድሜ ክልል ከዚያው አውጣ።

የትምህርት ዓመታትን መዝግብና በስሌትህ ውስጥ አስገባ፣ ቤቱላዎቹ እንዳደረጉት። ነገር ግን ይህ ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ ይፈታል ብለህ አትዘናጋ። ከ50 ዓመት በፊት 12 ዓመት የተማረና ዛሬ 12 ዓመት የተማረ ሰው እኩል አይደሉም። ያኔ እዚያ የሚደርሰው ተመርጦ ተመርጦ የቀረው ነው፣ ዛሬ ግን ብዙው ሰው ነው። ስታስተካክል አረጋውያኑን ከእውነታው በላይ ከፍ ልታደርጋቸው ትችላለህ። ውጤቱን ሳይስተካከልም ተስተካክሎም ሁለቱንም አሳይ፣ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ፈተናውንም በአንድ ዓይነት ብቻ አትገድበው። አንድ በሰዓት የሚለካ፣ አንድ ሰዓት የሌለበት የቃላት እውቀት ፈተና ብትይዝ በቂ ነው። ሰዓት ያለበት ላይ አረጋውያኑ ዝቅ ብለው ቃላቱ ላይ እኩል ወይም ከፍ ካሉ፣ ልዩነቱ ሁሉ ከትምህርት ነው የሚለው መከራከሪያ ይዳከማል፤ ትምህርት የጎደለው ሰው ቃላቱም ላይ በጎደለበት ነበርና። ሁለቱም ላይ እኩል ዝቅ ካሉ ግን ትውልድን ጠርጥር። ይህ ማስረጃ አይሆንህም፣ ጥሩ ፍንጭ ግን ነው። የጽሑፉ መጠን፣ የክፍሉ ብርሃንና የአመላለስ ዘዴው ለሁሉም እንዲመች አድርግ። ዓይኑ የደከመውን ሰው አእምሮው ደከመ ብለህ መዝግበህ እንዳትገኝ።

ከተቻለህ ደግሞ ያንኑ ፈተና ድሮ፣ ተመሳሳይ ሰዎች ላይ የተጠቀመ የቆየ ጥናት ፈልግ። ከ20 ዓመት በፊት የ30 ዓመት ሰዎች ስንት አመጡ? ያንተ የ30 ዓመቶቹስ? ሁለቱ ከተራራቁ ትውልዱ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ግምት አገኘህ፣ ያንተንም ኩርባ በዚያው ልክ ተጠራጥረህ ታነበዋለህ። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ይህን መፈለግ ስድስት ወር ተጨማሪ ዳታ ከመሰብሰብ ይበልጣል።

የግድ እውነተኛ ለውጥ ማየት አለብኝ ካልክ ደግሞ ዳታ ራስህ አትሰብስብ፣ የተሰበሰበ ተጠቀም። የአሜሪካው ሄልዝ ኤንድ ሪታየርመንት ስተዲ ከ1992 ጀምሮ፣ የእንግሊዙ የእርጅና ሎንጊቱዲናል ጥናት ከ2002 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ሰዎችን እየተከተሉ ነው፣ የማስታወስ ፈተናም አላቸው። ለተመራማሪ በምዝገባ ይሰጣሉ። ገደባቸው በዋናነት ከ50 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች ላይ ማተኮራቸው ነው፣ ስለዚህ የ20ና የ30 ዓመቶቹ ጥያቄህ ሳይመለስ ይቀራል። ዳታውን ስታወርድ መጀመሪያ የምትሠራው ሞዴል ሳይሆን አንድ ቀላል ነገር ይሁን፤ በመጨረሻው ዙር የቀሩትንና ያልቀሩትን ለይተህ በመጀመሪያው ዙር ስንት ስንት እንዳመጡ አነጻጽር። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ከአማካሪህ ጋር ቁጭ ብላችሁ መነጋገር ያለባችሁ ከዚያ ነው።